ከሲቪል ምህንድስና ወደ ተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ለመዛወር የቀረበ ማመልከቻ

ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ትምህርት ክፍል
ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ
ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ ከሲቪል ምህንድስና ወደ ትምህርት ክፍላችሁ ለመዛወር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና መምህራን፣

በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ እናንተ ጋ እንድማር እንድትፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ። ቅጹ ላይ «የዝውውሩ ምክንያት» ለሚለው የተተወው ቦታ ሁለት መስመር ነው። የእኔ ምክንያት በሁለት መስመር አላልቅ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ አያይዣለሁ።

የመጣሁት ከሞረትና ጅሩ ወረዳ ነው። ቤታችን ከእነዋሪ ከተማ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ይርቃል። አገሩ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ እግርህን ስታነሳ ጫማህ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። በጋ ሲመጣ ደግሞ መሬቱ ይሰነጠቃል፤ ልጅ ሆነን እጃችንን እስከ ክርናችን እየከተትን እንጫወት ነበር። ስንዴውም ምስሩም ጤፉም የሚበቅለው በዚሁ አፈር ላይ ነው። ውሃ ከተኛበት ግን እህሉ ቢጫ ይሆንና ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ገበሬ መደብ ያወጣል። አባቴ በበሬ ትልም ይቀድዳል። እናቴና እኛ ልጆች ጎንበስ ብለን ጭቃውን ከትልሙ በእጃችን እያፈስን ወደ መደቡ እናወጣለን። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ዘሩ ከፍ ብሎ ይተርፋል። ሐምሌ ላይ ማታ ማታ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኝ እንደነበር አሁንም አስታውሳለሁ።

የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ሲመጣ ምህንድስና የሚያስገባ ሆነ። በእኛ ሰፈር ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ወይ ሐኪም ወይ ኢንጂነር ነው፤ ሌላ ነገር አይታሰብም። ሲቪልን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፣ ማንም አላስገደደኝም። በክረምት መኪና የማይገባበት አገር ያደገ ልጅ መንገድ ልሥራ ቢል የሚገርም አይመስለኝም። ያን ጊዜ ለምርጫዬ ምክንያት ነበረኝ፤ ዛሬም አላፍርበትም።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው ባለፈው ሴሚስተር በሶይል ሜካኒክስ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ለቡድናችን የደረሰው ናሙና ከአንድ የግንባታ ቦታ የመጣ ጥቁር አፈር ነበር። ገና ሳልነካው አወቅሁት። የሊኩዊድ ሊሚት ሙከራ ሠራን፤ ጽዋዋን እያነሳን እየጣልን 25 ምት ላይ የተሰነጠቀው ጭቃ የሚገጥምበትን የውሃ መጠን ፈለግን። ቀጥሎ ሲቢአር ለሚባለው የመሸከም አቅም ሙከራ አራት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍነው። በአምስተኛው ቀን ስንከፍተው አብጦ፣ ለመሸከም አቅም አጥቶ ነበር። ሪፖርታችን ላይ ትክክለኛውን ነገር ጻፍን፦ ይህ አፈር ለመንገድ አይሆንም፤ ተቆርጦ ይውጣና ሰለክት በሚባለው የተመረጠ አፈር ይሞላ። ሙሉ ማርክ አገኘን።

ለምህንድስናው መልሱ ያ ነው፤ አልተሳሳተም። መኪና የሚሸከም አልጋ የሚፈልግ ሰው እያበጠና እየተሰነጠቀ የሚኖር አፈርን ማስወገድ አለበት። እኔ ግን ያን ማታ ዶርም ተኝቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የኢትዮጵያ ዋልካ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚገመት አንብቤ ነበር። ያን ሁሉ ቆርጦ የሚያወጣ የለም። በላዩ የሚኖረው ገበሬ የሚፈልገው እንዴት እንደሚጠብቀው ነው። እኔም ልማረው የምፈልገው ይህን መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ይህን ለማንም ሳልናገር ሁለት ወር ያህል ያዝኩት። የአንድ ሰሞን ስሜት እንዳይሆን ፈርቼ ነበር። በሴሚስተሩ እረፍት አገር ቤት ስሄድ አንድ ነገር ላጣራ ብዬ 50 ሜትር ቴፕና ማስታወሻ ደብተር ያዝኩ። ከቤታችን በታች ካለው የጠጠር መንገድ ሥር አንድ ካልቨርት አለ። ከካልቨርቱ አፍ ጀምሮ ወደ ገደሉ የሚወርድ ቦረቦር አለ። ልጅ ሳለሁ ዘልዬ እሻገረው ነበር። አሁን ስለካው አፉ ላይ 3 ሜትር ከ40 ሳንቲም ስፋት፣ 1 ሜትር ከ90 ጥልቀት ሆኖ አገኘሁት። የአንድ ጎረቤታችንን ማሳ ለሁለት ከፍሎታል። ሰውዬው ከወዲያኛው ቁራጭ ለመድረስ አሁን ዞረው ነው የሚሄዱት።

ካልቨርቱ ሥራውን ሠርቷል፤ መንገዱ ደህና ነው። እኛም ከላይ ሥራችንን ሠርተናል፤ የየማሳችንን ውሃ በየቦያችን ለቀናል። የሁላችንም ውሃ አንድ ጉድጓድ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሄድ ማን ያስባል? በሃይድሮሎጂ ኮርስ የተማርኩትን Q = C·i·A ይዤ የጎርፉን መጠን ለማስላት ሞከርኩ። ከዘነበው ምን ያህሉ በላይ እንደሚወርድ የሚያሳየው C ላይ ስደርስ ቆምኩ። የያዝኩት ሠንጠረዥ ለታረሰ መሬት የሚሰጠው ቁጥር መደብ የወጣለትን ማሳና ያልወጣለትን አይለይም። ዋልካ ደግሞ ሰኔ መጀመሪያ ላይና ነሐሴ ላይ አንድ ዓይነት አፈር አይደለም። ሰኔ ላይ በስንጥቁ ውሃ ይጠጣል፤ ነሐሴ ላይ አብጦ ይዘጋና የዘነበው ሁሉ ይወርዳል። ይህን እናቴ ያለ ፎርሙላ ታውቀዋለች። እኔ ግን በቁጥር ላስቀምጠው አልቻልኩም። የጎደለኝ እውቀት ያለው እናንተ ጋ ነው።

ከእረፍት ስመለስ ከመምህራናችሁ አንዱን ፈቃድ ጠይቄ፣ ዘንድሮ ሐሙስ ሐሙስ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ክፍል ውስጥ እየተቀመጥኩ እከታተላለሁ። ማርክ የለውም፤ ስሜም ስም መጥሪያው ላይ የለም። እስካሁን ያመለጠኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም የራሴ ፈተና ገጥሞብኝ ነው። አንዲት ጥድን የሰማሁት እዚያ ነው። ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ጎርፍና በጎርፍ የሚታጠብ አፈር ሲለካባት የኖረች ጣቢያ መኖሯን አላውቅም ነበር። ስንት ጊዜ በአጠገቧ በአውቶቡስ አልፌያለሁ! አይ.ኤል.ሲ.ኤ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ እንስሳት ማዕከል ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው መደብ የሚያወጣ መሣሪያ መሥራታቸውን፣ ከጥናት ቦታዎቻቸውም አንዷ እነዋሪ እንደነበረች የሰማሁትም ከዚሁ ክፍል ነው። የእናቴ የእጅ ሥራ የጥናት ርዕስ ሆኖ ሳየው ምን እንደተሰማኝ መግለጽ ያቅተኛል።

ስለ ውጤቴ በግልጽ ልናገር። ኩሙላቲቬ 2.81 ነው። የስትራክቸር ኮርስ መጀመሪያ ዲ አግኝቼበት ደግሜ ሲ አምጥቻለሁ። ይህን የሚያይ ሰው «ከብዶት ሊሸሽ ነው» ቢል አልቀየመውም። የምለምናችሁ ከጎኑ ያሉትንም እንድታዩልኝ ነው። በሰርቬይንግ፣ በሶይል ሜካኒክስና በሃይድሮሎጂ ኤ አለኝ። ሦስቱም ከመሬትና ከውሃ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስትራክቸሩ ላይ የደከምኩት ጊዜ ስላልሰጠሁት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሲቪል ውስጥ ብቆይም ተመርቄ እንደምወጣ እርግጠኛ ነኝ። ያለፍላጎት የሚሠራ መሐንዲስ መሆን ነው ያልፈለግኩት።

«እዚያው ሆነህ የውሃ ምህንድስና ብትቀጥልስ?» ያለኝ የሲቪል አማካሪዬ ናቸው። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ብዙ አሰብኩበት። እዚያ ውሃው ከተሰበሰበ በኋላ ያለውን ነው በሰፊው የምማረው፦ ቦይ፣ ካልቨርት፣ ግድብ። እኔን የያዘኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማሳው ላይ ምን ተዘርቷል? አፈሩ ምን ያህል ይጠጣል? ከላይ ያለው ገበሬ ቦዩን ወዴት አዞረው? ከታች ካለውስ ጋር ተስማምቷል? በተለይ የመጨረሻው ጥያቄ በምህንድስና ክፍል ውስጥ ተነስቶ ሰምቼ አላውቅም። አማካሪዬ ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው ሂድ» ብለው ቅጹን ፈርመውልኛል።

ለፋሲካ ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። «ከእርሻ ላወጣህ ስለፋ ተመልሰህ እርሻ?» አለኝ። ዝም አልኩ። ጠዋት ወደ ቦረቦሩ ይዤው ወረድኩ። ቴፑን ባንዱ ጫፍ እሱ ያዘልኝ። ቁጥሩን ስነግረው ቆሞ አየው፣ አየውና «ስንት ዓመት ይጨምርብሃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ምህንድስናውን ብቀጥል ሁለት ዓመት ይቀረኛል። እናንተ ጋ ከሁለተኛ ዓመት ብጀምር ሦስት ዓመት ይሆናል። አንድ ዓመት ነው አልኩት። «አንድ ዓመትስ እንችለዋለን» አለ። የእሱ አንድ ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ፣ የምጠይቃችሁን ነገር ቀለል አድርጌ እንዳላየሁት እመኑልኝ።

የትኞቹ ኮርሶቼ እንደሚያዙልኝ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ከመጀመሪያ ጀምር ብትሉኝም እጀምራለሁ። ባዶ እጄን ግን አልመጣም። ሌቭል አቁሜ ኮንቱር ማውጣት እችላለሁ። አውቶካድ እሠራለሁ። እርከንና የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ለመቀየስ ይህ የሚጠቅም ይመስለኛል። የመስክ ሥራ ሲኖር ለክፍል ጓደኞቼ ባሳይ ደስ ይለኛል። ከእነሱ የምማረው ደግሞ ብዙ ነው፤ ስለ ዕፅዋትና ስለ አፈር ለምነት የማውቀው ከቤት ያመጣሁትን ብቻ ነው።

ለመመረቂያ ጥናቴ ከአሁኑ የማስበው ያንኑ የካልቨርት ውሃ ነው። ከመንገዱ በላይ ያሉት ገበሬዎች ቦያቸውን ተስማምተው ወደ አንድ ሣር የለበሰ የውሃ መውረጃ ቢያዞሩ፣ ቦረቦሩ ማደጉን ያቆም ይሆን? ከማሳው ባለቤቶች ጋር ተነጋግሬያለሁ። ቦረቦሩ ማሳቸውን የከፈለባቸው ጎረቤታችን መለኪያ ካስማ እንድተክል ፈቅደውልኛል። አራት ካስማ ተክዬ መጥቻለሁ። መስከረም ላይ ሄጄ አያቸዋለሁ።

ለቃለ መጠይቅ ብትፈልጉኝ በማንኛውም ቀን እገኛለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የግሬድ ሪፖርቴን፣ አማካሪዬ የፈረሙበትን የዝውውር ቅጽና የቦረቦሩን ልኬት የያዙ ሁለት ገጾች አያይዣለሁ። ሙሉ ስሜ፣ የመታወቂያ ቁጥሬና ስልኬ ቅጹ ላይ ተጽፈዋል።

ከአክብሮት ጋር

አመልካቹ
የሲቪል ምህንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ