ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ፦ የእንዶድ ተመራማሪው አጭር የሕይወት ታሪክ

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ ለማ በ1935 ጅግጅጋ ተወለዱ። ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻግረው የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ያገኙ ሲሆን፣ የጥናት መስካቸው የሰውን አካል የሚያጠቁ ጥገኛ ተሕዋስያን ነበር። እስከዚህ ድረስ ሕይወታቸው ውጭ አገር ተምሮ ከሚመለስ ሌላ ምሁር ብዙም አይለይም። የለያቸው በ1964 አድዋ አካባቢ ያዩት ነገር ነው።

ወደዚያ የሄዱት ቢልሃርዚያ የተባለውን በጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ የሚያስተላልፉትን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነበር። ሴቶች በእንዶድ አረፋ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በውሃው ላይ ከሌላው ቦታ የበዛ የሞተ ቀንድ አውጣ አዩ። ከማጠቢያው በላይ ያሉት ግን ደህና ነበሩ። ይህን እንዳዩ ከሴቶቹ አንዷን ጥቂት የእንዶድ አረፋ ሕይወት ያላቸው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ውሃ ላይ እንድትጨምር ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ተኮማትረው፣ ደም አፍስሰው ሞቱ። በአገሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ነጠላና ጋቢ ሲነጣበት የኖረ ፍሬ በሽታ አስተላላፊውን እንደሚገድል የተረጋገጠው በዚህች አጭር ሙከራ ነው። ማነጻጸሪያው እዚያው በወንዙ ላይ፣ ከማጠቢያው በላይና በታች፣ ተዘጋጅቶ መጠበቁ የምልከታውን ክብደት ያሳያል።

ቀንድ አውጣው ይህን ያህል ቦታ የያዘበት ምክንያት በትሉ የሕይወት ዑደት ውስጥ ነው። በቢልሃርዚያ የተያዘ ሰው ሰገራ (በአንደኛው የበሽታው ዓይነት ደግሞ ሽንት) ውስጥ ያለው እንቁላል ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ የተፈለፈለው እጭ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞታል። ካገኘ ግን በውስጡ ተባዝቶ በሺዎች እየሆነ ወደ ውሃው ይወጣል፣ የሚታጠብ፣ የሚዋኝ ወይም ውሃ የሚቀዳ ሰው ቆዳም በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከተወገደ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ፣ ሰውየው ነገ ወደዚያው ውሃ ሲገባ ዳግም እንዳይያዝ አያደርግም። ለቀንድ አውጣ ማጥፊያ የሚሸጡት ፋብሪካ ሠራሽ ኬሚካሎች ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ ውድ ዕቃዎች ነበሩ። እንዶድ በየጓሮው ይበቅላል።

አክሊሉ ከአድዋው ግኝት በኋላ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ደዌ ጥናት ተቋምን መሥርተው መሩ፤ የእንዶድ ምርምር ዋና ቤትም ይኸው ሆነ። በፍሬው ውስጥ የሚሠራው ንጥረ ነገር ሳፖኒን ከሚባለው አረፋ ሰጪ ቤተሰብ የሚመደብ ነው። በአሜሪካ ኬሚስቶች ከፍሬው ለይተው ሲያወጡት በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን አሉት።

ነገሩ ግን ፍሬ ለቅሞ ውሃ ውስጥ እንደ መበተን ቀላል አይደለም። ፍሬው የሚለቀመው ሙሉ መጠኑን ይዞ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ሲበስል ኃይሉ ይቀንሳል። ከዚያ በፀሐይ ይደርቃል፣ በደንብ ይፈጫል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል። ቀዝቃዛ ውሃ የሚያስፈልገው በራሱ በፍሬው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሳፖኒኑን ወደ ገዳዩ መልክ የሚለውጠው ፍሬው ተፈጭቶ ውሃ ሲነካው በመሆኑ ነው። በአልኮል የተጨመቀ እንደሆነ ኢንዛይሙ ሥራውን ስለማይሠራ የሚገኘው ደካማ ነው። በትክክል ሲዘጋጅ ግን ከጥሩ ዝርያ የተገኘ ዱቄት ለ1,000 ሊትር ውሃ ከ10 እስከ 20 ግራም ብቻ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣውን ይጨርሳል። ዝርያ መረጣውን የመሩት የሥራ አጋራቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ከተለያየ ቦታ የመጡ 65 የእንዶድ ዓይነቶችን አነጻጽረው፣ በኃይሉ የላቀውንና በኋላ በብዙ አገር ሙከራ ላይ የዋለውን ዓይነት 44ን መረጡ። ያለ እርሳቸው ድርሻ የእንዶድ ታሪክ ጎደሎ ነው።

ጉድለቶቹም አይደበቁም። እንዶድ አዋቂውን ቀንድ አውጣ እንጂ እንቁላሉን በሚገባ አይገድልም፤ ስለዚህ እንቁላሉ ከተፈለፈለ በኋላ ደግሞ መጨመር ግድ ነው። ዓሣም ይገድላል፣ ዓይንንም ያቃጥላል። በሌላ በኩል በውሃ ውስጥ በቀናት ጊዜ ፈርሶ ስለሚጠፋ ለዓመታት የሚከማች መርዝ አይተውም።

ትልቁ ፈተና ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ ከተማ የተካሄደው የመስክ ጥናት ነበር። የከተማዋ ውሃዎች በየጊዜው በእንዶድ ታከሙ፤ የነዋሪው የቢልሃርዚያ ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከዚህ ይልቅ ተናጋሪው ቁጥር የሕፃናቱ ነው፤ ዕድሜያቸው ከ6 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ አሽቆለቆለ። አዋቂ ሰው ከዓመታት በፊት የገባበትን ትል ተሸክሞ ሊቆይ ስለሚችል የአጠቃላዩ ስርጭት ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሕፃናቱ ግን አብዛኞቹ የተወለዱት ወይም ወደ ውሃው መውረድ የጀመሩት ጥናቱ እየተካሄደ ሳለ ነው፤ በእነርሱ ላይ የታየው ለውጥ አዲስ መያዝ በእጅጉ መቀነሱን ያሳያል።

ውጤቱ እንዲህ ሆኖ ሳለ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ለማግኘት ከ15 ዓመት በላይ ፈጀ። የመርዛማነት ምርመራው በዓለም አቀፍ ደረጃ በተመሰከረለት ላቦራቶሪ እንዲደገም ተጠየቀ። እንዲህ ያለው ምርመራ ከፍተኛ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በየጓሮው ለሚበቅል ፍሬ ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣ ኩባንያ አይገኝም። አክሊሉ በጽሑፍም በንግግርም ደጋግመው እንዳስረዱት፣ እንቅፋቱ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን በአፍሪካ፣ በአፍሪካውያን የተሠራን ምርምር አሳንሶ የማየት አመለካከትም ነበር። ምርመራው በመጨረሻ በካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ ተከናወነ።

እርሳቸው በእነዚህ ዓመታት ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተሻግረው አገለገሉ፤ በኋላም በፍሎረንስ የሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር ብዙዎች አማራጭ ኖቤል የሚሉትን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ከሽልማቱ በኋላ ሌላ ምዕራፍ ተከፈተ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የተባለ ባለ ሁለት ዛጎል ትንሽ የውሃ እንስሳ በፍጥነት ተባዝቶ የውሃ ቧንቧዎችን ይደፍን ነበር። የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአክሊሉ ጋር ሞክረው እንዶድ ይህንንም እንደሚገድል አረጋገጡ። በ1993 ግን ለዚህ አጠቃቀም በተሰጠው ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት ሰነድ፣ ባለቤት ሆኖ የተመዘገበው ዩኒቨርሲቲው ነው። ፍሬውን ለትውልዶች ያቆዩት፣ በአድዋ ወንዝ ዳር ያጥቡበት የነበሩት ሴቶች በሰነዱ ላይ ድርሻ አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ የአገር በቀል ዕውቀት መብት በተነሣ ቁጥር የእንዶድ ፓተንት በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1997 አረፉ።