የስጋት መዝገብ፦ የማህበራችን ሂሳብ ከደብተር ወደ ሲስተም ሲዛወር

የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማህበራችን 2,340 አባላት አሉት። ሥራው የሁሉንም ሂሳብ ከወረቀት ሌጀርና ከኤክሴል አውጥቶ ወደ አዲሱ ሲስተም ማስገባት ነው። የሚጀመርበት ቀን ሐምሌ 1 ቀን 2018። ይህ መዝገብ መጨረሻ የታየው ዓርብ መጋቢት 18 ነው።

እያንዳንዱ ስጋት ትራከሩ ላይ የራሱ ቲኬት አለው። ዕድል ከ1 እስከ 5፣ ጉዳትም ከ1 እስከ 5፣ ውጤቱ የሁለቱ ብዜት። 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ በየሳምንቱ ይታያል። ሌላው በወር አንዴ ይበቃዋል። ባለቤት አንድ ሰው ብቻ ነው። «ሁላችንም» ተብሎ የተሞላ ቲኬት ካገኘሁ እመልሰዋለሁ፣ ሁለቴ አጋጥሞኛልና።

ስብሰባው ዓርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ሚያዝያ 2 ስቅለት ስለሚውል የዚያ ሳምንቱ ሐሙስ ሚያዝያ 1 ይሆናል። ትራከሩ ቀን የሚያውቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። ስለዚህ የግምገማ ቀኑን ሳጥኑ ውስጥ በፈረንጅ፣ ርዕሱ ላይ ደግሞ በኛ እንጽፋለን። በሳምንቱ የሚደርሱትን ለማየት ይህን ማጣሪያ ተጠቀሙ፦

```
project = KBM AND issuetype = Risk AND due <= 7d ORDER BY due
```

KBM-7፦ አንድ አባል በሁለት ስም ይገባል
ባለቤት፦ ፕሮግራመሩ። ዕድል 5፣ ጉዳት 4፣ ውጤት 20። የሚታይበት ቀን፦ መጋቢት 25።

ኃይሉ፣ ኀይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ። ለኛ አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ አምስት ሰው ነው። ለሙከራ ካስገባናቸው 400 አባላት 31ዱ ሁለት ሁለት ጊዜ ገብተዋል። ቁጠባቸው በአንዱ ስም፣ ብድራቸው በሌላው። እንዲህ ከቀጠለ ተበዳሪው ዕዳ የሌለበት ሆኖ ይታያል፣ ዋሱም ነፃ ይወጣል።

እየተሠራ ያለው፦ ሲስተሙ ስም ሲፈልግ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ይመልሳል። የመጀመሪያው ሙከራ የግዕዙን ረድፍ ብቻ ስለቀየረ ሐ ወደ ሀ ሲሄድ ኃ ባለችበት ቀረች። «ሀ» ላይ ግዕዙና ራብዑ አንድ ድምፅ መሆናቸውን ረስተን ነበር። አሁን መነሻው ይህ ነው፣ የቀሩት ረድፎችም በዚሁ መንገድ እየተጨመሩ ነው፦

```
str.maketrans("ሃሐሓኀኃሠዐ", "ሀሀሀሀሀሰአ")
```

አስተያየት፣ ሊቀመንበሩ፦ የኔ ስም በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው። መታወቂያዬም ላይ እንደዚያ ነው። በሀሌታው ሀ የተጻፈ ደረሰኝ አልቀበልም።

አስተያየት፣ ፕሮግራመሩ፦ ጋሼ፣ የሚቀየረው መፈለጊያው ብቻ ነው። ደረሰኙ ላይ የሚታተመው እርስዎ እንደጻፉት ነው። ስም ቢመሳሰልም ሁለት መዝገብ የምናዋህደው የደብተር ቁጥሩ አንድ ሲሆን ብቻ ነው።

አስተያየት፣ ሊቀመንበሩ፦ እንደሱ ከሆነ ይቀጥል።

KBM-3፦ ደብተር፣ ሌጀርና ኤክሴል አይስማሙም
ባለቤት፦ ሂሳብ ሹሟ። ዕድል 4፣ ጉዳት 5፣ ውጤት 20። የሚታይበት ቀን፦ መጋቢት 25።

በግሌ ከሁሉም የምፈራው ይህንን ነው። አባሉ የሚያምነው ቤቱ ያስቀመጠውን ደብተር ነው። እኛ የምናስገባው ኤክሴሉን ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ሐምሌ ላይ መስኮቱ ጋ ጠብ ይነሳል። በዚያ ሰዓት «ሲስተሙ ነው» ብንል ማንም አይሰማንም። ጭራሽ «ሲስተሙ ገንዘቤን በላው» ይባላል።

ለናሙና 60 ደብተር አመጣን። 9ኙ ከሌጀሩ ጋር አልገጠሙም። አንዱ ደብተር ላይ 1,510 ብር፣ ሌጀሩ ላይ 1,150 ይላል። ሂሳብ ሹሟ ልዩነቱን ለ9 አካፈሉት፤ 360 ለ9፣ 40 መጣ፣ ምንም አልተረፈም። «ቁጥር ተገላብጧል» አሉና የዚያን ወር ወረቀት ብቻ አውጥተው በአምስት ደቂቃ አገኙት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ለ9 የማይካፈል ልዩነት ካለ የተዘለለ ደረሰኝ ወይም ሁለቴ የተጻፈ ገቢ ይፈለጋል። ይህን መንገድ ሁለቱም ቢሮ ይከተል።

እርምጃ፦ ከፋሲካ በኋላ፣ ከሚያዝያ 9 ጀምሮ፣ አባላት በቀጠና ተራ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቀሪው በፊታቸው ይነበባል፣ ይፈርማሉ። ያልመጣ አባል ሂሳቡ ይገባል፣ ግን «ያልተረጋገጠ» የሚል ምልክት ይያዝበታል። ምልክቱ እስኪነሳ ወጪ የሚፈቀድለት በሂሳብ ሹሟ ፊርማ ብቻ ነው።

አስተያየት፣ ገንዘብ ያዧ፦ ደብተር የጠፋባቸው አሉ። እነሱን ምን ልበላቸው?

አስተያየት፣ ሂሳብ ሹሟ፦ ደረሰኝ ካላቸው በደረሰኝ። ከሌላቸው ሌጀሩ ያለውን አንብበን እናስፈርማቸዋለን። ካልተስማሙ ለቁጥጥር ኮሚቴው ይሄዳል። አንቺ መስኮት ላይ አትከራከሪ።

KBM-16፦ የዓመት መዝጊያና አዲሱ ሲስተም አንድ ሳምንት ላይ ወደቁ
ባለቤት፦ ሊቀመንበሩ። ዕድል 4፣ ጉዳት 4፣ ውጤት 16። የሚታይበት ቀን፦ መጋቢት 25። አዲስ።

ሐምሌ 1 የተመረጠው የበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ስለሆነ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ሰኔ 30 ሂሳብ ይዘጋል፣ ካዝና ይቆጠራል፣ የኦዲት ወረቀት ይሰበሰባል። ይህን ሁሉ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ በማግስቱ አዲሱን ሲስተም የሚከፍቱትም እነዚያው ሦስቱ። ባለቤቱ ሊቀመንበሩ የሆኑት ቀኑን ማንቀሳቀስ የሚችሉት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው። እኔ ባለቤት ብሆን በየሳምንቱ ከማማረር ሌላ ምንም አላደርግም።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ሐምሌን ሙሉ ደብተሩንና ሲስተሙን ጎን ለጎን ማስኬድ። ሁለተኛው መጀመሪያውን ወደ ነሐሴ 1 መግፋት። ውሳኔ እስከ ግንቦት 7።

KBM-14፦ የአባላት መረጃ በቴሌግራም ይዞራል
ባለቤት፦ አስተባባሪው (እኔ)። ዕድል 4፣ ጉዳት 4፣ ውጤት 16። የሚታይበት ቀን፦ መጋቢት 25።

ልናዘዝ። የካቲት ላይ ቸኩዬ የ400 አባላት ዝርዝር ያለበትን ኤክሴል ቡድናችን ግሩፕ ላይ የላክሁት እኔ ነኝ። ስም፣ ስልክ፣ የብድር ቀሪ፣ ሁሉም ነበረበት። ግሩፑ ውስጥ ደግሞ የቀድሞ ሠራተኛ አሁንም አለ። ፋይሉን አጥፍቻለሁ፣ ግን ማን እንዳወረደው አላውቅም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «እርስ በርሳችን ነን» የሚባል ነገር አያዋጣም።

የተደረገው፦ ፋይሉ የሚቀመጠው በቢሮው ኮምፒውተር ላይ በይለፍ ቃል ነው። ለሙከራ የሚያገለግለው ቅጂ ስምና ስልኩ ተቀይሮ ነው የሚወጣው። የቀረው፦ የግሩፑን አባላት ማጥራትና ለቦርዱ የሆነውን በጽሑፍ ማሳወቅ። ሁለተኛውን እስከ መጋቢት 25 እጨርሳለሁ።

KBM-11፦ የወለዱን ፎርሙላ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው
ባለቤት፦ ሂሳብ ሹሟ። ዕድል 3፣ ጉዳት 5፣ ውጤት 15። የሚታይበት ቀን፦ መጋቢት 25።

የብድር ኤክሴሉን የሠራው ረዳት ሂሳብ ሠራተኛው ነው። ጎበዝ ነው፣ ነገሩ እሱን ለመውቀስ የተከፈተ አይደለም። ግን አንዳንዱ ብድር ወለዱ በቀሪው ላይ ይሰላል፣ አንዳንዱ የድሮ ብድር በመነሻው ላይ። የትኛው በየትኛው እንደሚሰላ ያለው እሱ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ባለቤቱ እሱ ያልሆነውም ለዚህ ነው። ሰውየው ራሱ ስጋቱ ከሆነ ባለቤት ሊሆን አይችልም።

እርምጃ፦ ሂሳብ ሹሟ አጠገቡ ተቀምጠው አሥር ብድር በእጅ ያሰላሉ። እስከ ዛሬ አራቱ ተሠርተዋል። ሦስቱ እስከ ሳንቲም ገጥመዋል። አራተኛው 12 ብር ተርፎታል፣ ምክንያቱ እየተፈለገ ነው።

KBM-2፦ መብራትና ኢንተርኔት
ባለቤት፦ ፕሮግራመሩ። ዕድል 5፣ ጉዳት 2፣ ውጤት 10 (ከ15 የወረደ)። የሚታይበት ቀን፦ ሚያዝያ 16።

ዕድሉ 5 ነው፣ ስለሱ አንከራከርም። የወረደው ጉዳቱ ነው። ዩፒኤሱ ተፈትኖ 40 ደቂቃ ያዘ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ደግሞ ሲስተሙ በቢሮው ኔትወርክ ይሠራል፣ ቅርንጫፉ ግን በወረቀት ደረሰኝ ይቀጥላል። በ2012 ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተቋርጦ እንደነበር የምታስታውሱ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ቅርንጫፉ የአንድ ወር ጥራዝ ደረሰኝ ይኑረው። ያን ያህል አያስወጣም።

KBM-5፦ ጳጉሜን
ባለቤት፦ ፕሮግራመሩ። ዕድል 2፣ ጉዳት 4፣ ውጤት 8 (ከ16 የወረደ)። የሚታይበት ቀን፦ ሚያዝያ 16።

ጳጉሜን 6 ቀን 2007 የተመዘገቡ ሁለት አባላት ነበሩ። ሲስተሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ መለሳቸው። ተስተካክሏል፣ አሁን ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2015 በትክክል ይቀየራል። የቀረው የደንብ ጥያቄ ነው፦ የጳጉሜን ቀናት ወለድ ለብቻ ይሰላል ወይስ ከነሐሴ ጋር? እስከ ዛሬ ከነሐሴ ጋር ሲደመር ነው የኖረው፣ ግን የትም አልተጻፈም። የሚቀጥለው ጳጉሜን 6 በ2019 ነው።

KBM-9፦ የሰርቨሩ ዋጋ (ተዘግቷል፣ የካቲት 20)
ባለቤት፦ ሊቀመንበሩ። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ሻጮች ዋጋቸውን ለ15 ቀን ብቻ ነው የሚይዙልን። ፕሮፎርማው ሊያልፍበት ሁለት ቀን ሲቀረው ተገዛ። ዕቃው ቢሮ ገብቷል።

የዓርቡ ስብሰባ ውሳኔዎች

KBM-16 ላይ ብዙ ተነጋገርን።

ሊቀመንበሩ፦ ሐምሌ 1 ብለን ለጠቅላላ ጉባኤው ተናግረናል። አሁን ብናጥፍ ምን እንባላለን?

ሂሳብ ሹሟ፦ ጋሼ፣ ሰኔ 30 ሌሊት ካዝና ቆጥሬ ጠዋት መስኮት ላይ መቆም አልችልም። ልጆቹም አይችሉም።

ሊቀመንበሩ፦ ጎን ለጎን ቢሄድስ?

ሂሳብ ሹሟ፦ ሁለቴ መጻፍ ነው። አንድ ሰው ከጨመራችሁልኝ እሞክረዋለሁ።

ዕድሉ ከ3 ወደ 4 ከፍ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩ ለሐምሌ አንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ መቅጠር ይቻል እንደሆነ ቦርዱን ጠይቀው መጋቢት 25 መልስ ያመጣሉ። መልሱ «አይቻልም» ከሆነ ነሐሴ 1 ለውሳኔ ይቀርባል።