ዕቃው ሲደርስ ስለሚከፈል ሒሳብ፦ ስንት ይከፍላሉ? አልቀበልም ቢሉስ?

የቀድሞው ማስታወቂያችን «ደንበኛው ያለ በቂ ምክንያት ርክክብ ከመፈጸም ቢታቀብ ተያያዥ ወጪዎች ይታሰቡበታል» ይል ነበር። በቂ ምክንያት የትኛው እንደሆነ፣ ተያያዥ ወጪውም ስንት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ደንበኞች ጥያቄውን በር ላይ ቆመው ለዕቃ አድራሹ ያቀርባሉ፤ እሱም መልሱን አያውቀውም። ስለዚህ ጽሑፉን እንደ አዲስ ጽፈነዋል። ይህ ማስታወቂያ የቀድሞውን ሙሉ በሙሉ ይተካል።

በር ላይ የሚከፍሉት

ሒሳብዎ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፦ የዕቃውን ዋጋ፣ የማድረሻ ክፍያንና የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት ክፍያን። ማድረሻው በርቀትና በክብደት ይሰላል፤ ትዕዛዙን ከማጽደቅዎ በፊት ያዩታል። የጥሬ ገንዘብ አገልግሎት ክፍያ ደግሞ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ቆጥሮ ባንክ እስከ ማስገባት ያለውን ወጪ የሚሸፍን ሲሆን ከዕቃው ዋጋ 2 በመቶ ነው። በማድረሻው ላይ አይታሰብም። አስቀድመው በባንክ ከከፈሉ ይህ 2 በመቶ ጨርሶ የለም።

ዋጋው 1,000 የሆነ ጫማ አዘዙ እንበል። ማድረሻው 80፣ 2 በመቶው 20 ቢሆን በር ላይ 1,100 ይከፍላሉ። አስቀድመው ከፍለው ቢሆን ኖሮ 1,080 ይበቃ ነበር።

ትዕዛዝዎን ስናረጋግጥ በስልክዎ የምንልከው አጭር መልእክት የመጨረሻውን ድምር ይዟል። ዕቃ አድራሹ ከዚያ ቁጥር በላይ መጠየቅ አይችልም። ለነዳጅ፣ ለፎቅ መውጫ ወይም ቆሞ ለጠበቀበት ብሎ ጭማሪ ቢጠይቅ መልእክቱን ያሳዩት። አሁንም ካልተስማማ ዕቃውን መመለስ ይችላሉ፤ ምንም አይታሰብብዎትም። በፈቃድዎ የሚሰጡት ጉርሻ የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ከሒሳቡ ጋር አይገናኝም።

አድራሾቻችን ብዙ መልስ ይዘው አይዞሩም። በትልልቅ ኖት የሚከፍሉ ከሆነ ከመምጣቱ በፊት ሲደውልልዎ ይንገሩት።

ከመክፈልዎ በፊት ማየት ይችላሉ

አዎ፣ ሳይከፍሉ መክፈት ይቻላል። የቀድሞው ማስታወቂያ ይህን ዝም ብሎ ስላለፈው አንዳንድ አድራሾች «መጀመሪያ ክፈሉ» ይሉ ነበር፤ ስህተት ነው። አድራሹ ባለበት ካርቶኑን ከፍተው እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ያዩታል፦ ያዘዙት ራሱ ነው? ቁጥሩ፣ ቀለሙ፣ ብዛቱ ልክ ነው? የተሰበረ ወይም የተቀደደ ነገር አለው? ጫማ ከሆነ እግርዎን ከማስገባት ይልቅ ከሥር የተጻፈውን ቁጥር ይመልከቱ። ልብስና ጫማ በር ላይ አይለካም።

የፋብሪካ እሽግ ያላቸው ዕቃዎች፣ ለምሳሌ ስልክና የመዋቢያ ምርቶች፣ ይለያሉ። የውጭውን ካርቶን ይከፍታሉ፤ የፋብሪካው እሽግ ግን ከተከፈለ በኋላ ብቻ ይፈታል። ከፈቱት በኋላ ብልሽት ካገኙ 7 ቀን አለዎት፤ መመለሻውንም የምንከፍለው እኛ ነን።

አልቀበልም ሲሉ

ያለ ምንም ክፍያ መመለስ የሚችሉት ጥፋቱ ከእኛ ሲሆን ነው። ያዘዙት ሌላ የመጣው ሌላ ከሆነ፣ 39 ቁጥር ጠይቀው 42 ከመጣ፣ ዕቃው ከተጎዳ፣ በመልእክቱ ላይ የተጻፈው ዕቃው የሚደርስበት የመጨረሻ ቀን ካለፈ፣ ወይም ከላይ እንዳልነው ከድምሩ በላይ ከተጠየቁ፣ «አልቀበልም» ይበሉ። ማድረሻም ሆነ መመለሻ አይታሰብብዎትም። በቂ ምክንያት የምንለው ይህንን ነው።

ሐሳብዎን ከለወጡ ወይም ሌላ ቦታ በርካሽ ካገኙ ነገሩ ይለያል። ዕቃው ከመጋዘናችን ከመውጣቱ በፊት ከሰረዙ ምንም አይከፍሉም። ከወጣ በኋላ ግን የማድረሻውን ሙሉ ክፍያና ለመመለሻ ደግሞ የማድረሻውን ግማሽ እናስባለን። በጫማው ምሳሌ 80 እና 40፣ በድምሩ 120 ማለት ነው። 2 በመቶው አይታሰብም፤ የተቀበልነው ገንዘብ የለምና። «ተያያዥ ወጪዎች» ስንል የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ይህን 120 በር ላይ ማንም አይጠይቅዎትም፤ የሚሰበስብ ሰውም አንልክም። በሚቀጥለው ትዕዛዝዎ ላይ «ያልተከፈለ ማድረሻ» በሚል ለብቻው ተጽፎ ይመጣል። በ6 ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ከመለሱ ለ90 ቀን አስቀድመው እየከፈሉ ብቻ ያዝዛሉ። ከዚያ በኋላ በር ላይ የመክፈሉ አገልግሎት በራሱ ይከፈታል፤ ማመልከቻ አያስፈልግም።

ከሦስት ዕቃ ሁለቱን ወስደው አንዱን መመለስም ይቻላል። ማድረሻው አይለወጥም፤ 2 በመቶው ግን በወሰዷቸው ላይ ብቻ እንደገና ይሰላል። የመለሱት ሐሳብዎን ስለለወጡ ከሆነ ለመመለሻ የማድረሻው ግማሽ ይታሰባል።

የመመለሻው ቅጽ

እዚህ ላይ ትንሽ ጊዜ ይውሰዱ። ዕቃ ሲመለስ አድራሹ በስልኩ ላይ ምክንያት ይመርጣል፣ እርስዎም በጣትዎ ይፈርማሉ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በዝርዝሩ አናት ላይ የነበረው «ደንበኛው ሐሳቡን ለወጠ» የሚለው ነበር፤ የቸኮለ አድራሽም የመጀመሪያውን ነክቶ ያልፋል። ዕቃው ተሰብሮ የመጣበት ሰው ሐሳቡን እንደለወጠ ተቆጥሮ ክፍያ ሲታሰብበት አይተናል። ጥፋቱ የቅጹ፣ ማለትም የእኛ ነው። አሁን ያንን ምክንያት ወደ መጨረሻ አውርደነዋል። እርስዎም ከመፈረምዎ በፊት የተመረጠውን ያንብቡ። የማይስማሙበት ከሆነ አይፈርሙ፤ ዕቃውን ፎቶ አንስተው በ48 ሰዓት ውስጥ ይላኩልን። ጉዳዩን አይተን እስክንወስን ምንም አይታሰብም።

አድራሹ ዋጋ የመቀነስም ሆነ ክፍያ የማንሳት ሥልጣን የለውም፤ ከእሱ ጋር መከራከር ሁለታችሁንም ከማድከም በቀር ጥቅም የለውም።

ቤት ካልነበሩ

አድራሹ ሁለት ጊዜ ይደውላል፣ 10 ደቂቃም ይጠብቃል። ካላገኘዎት በማግሥቱ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተመልሶ ይመጣል። ያኔም ካልተገኙ ያለ በቂ ምክንያት እንደመለሱ ይቆጠራል። ሌላ ሰው እንዲቀበልልዎ ከፈለጉ ድምሩን አስቀድመው ይንገሩት፤ ዕቃውን አይቶ የሚቀበለውም የሚመልሰውም እሱ ነው።

ከከፈሉ በኋላ ገንዘብ ሲመለስ

ከፍለው ከተለያዩ በኋላ አድራሹ ገንዘብ መመለስ አይችልም። ተመላሹን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በባንክ ሒሳብዎ እናስገባለን። ጥፋቱ የእኛ ከሆነ ማድረሻውና 2 በመቶውም አብረው ይመለሳሉ። የባንክ ሒሳብ ቁጥርዎን ለአድራሹ አይስጡ፤ የምንቀበለው ትዕዛዝዎ ባለበት ገጽ በኩል ብቻ ነው።

ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ለሚታዘዙ ዕቃዎች ይሠራል። በቀድሞው ጽሑፍ መሠረት የመመለሻ ክፍያ ታስቦብዎት ምክንያቱ ያልተገለጸልዎ ከሆነ የትዕዛዝ ቁጥሩን በ30 ቀን ውስጥ ይላኩልን፤ በአዲሱ ደንብ እንደገና እናየዋለን። በአዲሱ ደንብ የሚያስከፍል ሆኖ ካልተገኘ ገንዘቡ ይመለሳል፤ የሚያስከፍል ከሆነም ከቀድሞው በላይ አንጨምርም።