ጉዳት ሌላ፣ ሕመም ሌላ

እንደምን ዋላችሁ? ምሳችሁን እየተሻማሁ ስለሆነ አላንዛዛም። ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ፣ ወፍጮው ድምፄን እየዋጠው ነው።

ይቺ የኔ የደመወዝ ወረቀት ናት፣ እዩዋት። «ጡረታ» ከሚለው ጎን ያለው ከመሠረታዊ ደመወዜ የተቆረጠ 7 በመቶ ነው። ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ከራሱ ነው ያልኩት! ትርፍ ሰዓት እዚህ ስሌት ውስጥ ስለማይገባ «ሌሊት ብሠራ ጡረታዬ ያድጋል» የምትሉ ልጆች፣ አትሸወዱ።

60 ዓመት ሲሞላችሁ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሰው ዕድሜ ልኩን በየወሩ ይከፈለዋል። 10 ዓመት አገልግሎት ያልሞላለት አንዴ ዳረጎት ተቀብሎ ይሰናበታል። ስሌቱ የመጨረሻ 3 ዓመት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ሆኖ፣ ከ10 በላይ ለሆነው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርበታል። ጋሼ፣ እርስዎ 22 ዓመት አሉኝ አይደል? 45 በመቶ ነው። አማካዩ 8,000 ብር ቢሆን በወር 3,600 ማለት ነው። ትንሽ ናት፣ አውቃለሁ፣ በአዘዞ የቤት ኪራይ ስትለካ እንኳ አታስደስትም። ግን ሌላ ቦታ የሠራችሁት ዘመንም ይደመራልና የድሮ መለያ ቁጥራችሁን ፈልጉ።

አሁን ወደ ጉዳት ልምጣ፣ ዛሬ የሰበሰብኳችሁም ለዚህ ነው። ይችን ጣቴን አያችኋት? ከዓመታት በፊት ሌላ ድርጅት ስሠራ ቀበቶ ውስጥ ገብታ ነው የተቆረጠችው። ያኔ አለቃዬ ቅጹ ላይ «ታሟል» ብሎ ጻፈ፣ እኔም ደሙን በጨርቅ ይዤ ፈረምኩ። ሁለተኛው ወር ላይ ግማሽ ደመወዝ መጣልኝ፣ ሕመም እንደዚያ ነዋ! የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ባዶ። በሥራ ላይ ጉዳት ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 መሠረት ሦስት ወር ሙሉ፣ ቀጥሎ ሦስት ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀረው ስድስት ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። ሕክምናውም በአሠሪው። «ጥፋቱ ያንተ ነው» ቢሏችሁ አትደንግጡ፣ ሰክራችሁ ወይም ሆን ብላችሁ ካልተጎዳችሁ፣ የተሰጠ የደኅንነት መመሪያ አውቃችሁ ካልጣሳችሁ በቀር ኃላፊነቱ የነሱ ነው። ሰርቪሱ ላይ ስትመጡ ብትጎዱም ያው ነው።

ጉዳቱ ለዘለቄታው ሥራ ካስቆማችሁ የሕክምና ቦርድ መርምሮ ሲወስን የደመወዝ 47 በመቶ የጉዳት ጡረታ አለ።

ሰው ሲጎዳ መጀመሪያ እኔን ወይም ጸሐፊዋን ጥሩ፣ የዓይን ምስክር ስም ጻፉ፣ ቅጹን ሳታነቡ አትፈርሙ። የልጆች ልደትና የጋብቻ ማስረጃ ያላስገባችሁ ሐሙስ ከሰዓት ይዛችሁ ቢሮ ኑ። አሁን ሂዱ፣ ወጡ ቀዘቀዘ።