የወለል ንጣፍ እድሳት ዋጋ ማቅረቢያ

ጎንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ደንበኛችን

በአዘዞ ለሚገኘው የወላጆችዎ ቤት ወለል የጠየቁት ዋጋ ከዚህ በታች ቀርቧል። መጀመሪያ ግን ስለ ልኩ አንድ ነገር ልበል። ከአሜሪካ የላኩት ፕላን 768 ይላል፤ ይህ በካሬ ጫማ ነው። እኛ ዘንድ «ካሬ» ሲባል ሁሉም ካሬ ሜትር ስለሚመስለው ወንድምዎ ቁጥሩን እንዳለ ይዘው ሴራሚክ ሲያጠያይቁ ደንግጠዋል። እርስዎ ደግሞ ለ3.28 አካፍለው 234 ካሬ ሜትር ብለው ጽፈውልኛል። 3.28 ርዝመትን እንጂ ስፋትን አይለውጥም። አንድ ጫማ 0.3048 ሜትር ስለሆነ አንድ ካሬ ጫማ 0.3048 በ0.3048፣ ማለትም 0.0929 ካሬ ሜትር ይሆናል።

ሳሎን፦ 20 × 15 = 300 ካሬ ጫማ፣ 27.87 ካሬ ሜትር
ትልቁ መኝታ ቤት፦ 14 × 12 = 168፣ 15.61
ትንሹ መኝታ ቤት፦ 12 × 11 = 132፣ 12.26
ወጥ ቤት፦ 12 × 10 = 120፣ 11.15
መታጠቢያ ቤት፦ 8 × 6 = 48፣ 4.46
ድምር፦ 768 ካሬ ጫማ፣ 71.35 ካሬ ሜትር

ሳሎኑን ራሴ በሜትር ለክቼዋለሁ፤ 6.08 በ4.55፣ ማለትም 27.66 ካሬ ሜትር ወጣ። ግድግዳው ደጋግሞ ስለተለሰነ ጥቂት ሳንቲ ሜትር በልቶታል። ስለዚህ የእጅ ሥራው የመጨረሻ ሂሳብ ተነጥፎ በሚለካው ስፋት ይታሰባል።

ሴራሚክ ሲቆረጥ ስለሚባክን 10 በመቶ ጨምሬያለሁ። የ60 በ60 አንድ ካርቶን 1.44 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ ካርቶን ደግሞ ተከፍሎ አይሸጥም። ከመታጠቢያ ቤቱ በቀር ለክፍሎቹ የሚያስፈልገው 73.58 ካሬ ሜትር ቢሆንም 52 ካርቶን፣ 74.88 ካሬ ሜትር እንገዛለን።

ሴራሚክ 60 በ60፦ 74.88 × 1,700 = 127,296 ብር
የመታጠቢያ ቤት የማያንሸራትት ሴራሚክ፦ 4.95 × 1,500 = 7,425 ብር
ሲሚንቶና አሸዋ፦ 71.35 × 300 = 21,405 ብር
የድሮውን ወለል ማንሳትና ፍርስራሽ ማውጣት፦ 71.35 × 180 = 12,843 ብር
የእጅ ዋጋ፦ 71.35 × 400 = 28,540 ብር
ድምር፦ 197,509 ብር
ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፦ 29,626.35 ብር
ጠቅላላ፦ 227,135.35 ብር

ዞኮሎ አልተካተተም። እሱ የሚሸጠው በርዝመት ስለሆነ በሮቹ ተቀንሰው ቤቱ ላይ ይለካል፤ ያን ጊዜ 3.28 ያገለግልዎታል።

ዋጋው ለ15 ቀናት ይጸናል። 40 በመቶ ቅድሚያ ሲከፈል ዕቃ እንገዛለን፤ ሥራው 12 የሥራ ቀናት ይወስዳል። ከተስማሙ ወንድምዎ ይህን ወረቀት ፈርመው ይመልሱልን።

ከአክብሮት ጋር
ሥራ ተቋራጩ