የብስክሌተኛውን ጥያቄ አየሁልህ

ወንድሜ፣ የላክኸውን የደብተር ፎቶ ማታ ቁጭ ብዬ አየሁት። ጥያቄውን እዚሁ ልገልብጠው፣ ወደ ላይ ወደ ታች እንዳትል።

«አንድ ብስክሌተኛ ከነጥብ ሀ ተነስቶ 9,000 ሜትር ወደሚርቀው ነጥብ ለ በ5 ሜትር በሴኮንድ ፍጥነት ሄደ። ለ ላይ 6 ደቂቃ አረፈ። ከዚያ በሄደበት መንገድ በ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት ተመለሰ። እረፍቱን ጨምሮ ጉዞው ስንት ደቂቃ ፈጀ? እረፍቱ ሲታሰብ የደርሶ መልሱ አማካይ ፍጥነት በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

ያንተ መልስ 126 ደቂቃ እና 14 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

አሠራርህን ከማየቴ በፊት ሁለቱን መልሶች እርስ በርስ አጋጨኋቸው። 126 ደቂቃ ማለት 2.1 ሰዓት ነው። በአማካይ በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ በ2.1 ሰዓት 29.4 ኪሎ ሜትር መንዳት አለበት። መንገዱ ግን ደርሶ መልስ 18 ብቻ ነው። ትርፉን 11.4 ኪሎ ሜትር የት ነድቶ መጣ? እንግዲህ ቢያንስ አንዱ መልስ ተሳስቷል። (ሁለቱም ናቸው፣ አትናደድ።)

መሄጃው ልክ ነው። 9,000 ÷ 5 = 1,800 ሴኮንድ፣ ማለትም 30 ደቂቃ። በሌላ መንገድም ሞከርኩት። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ፣ አንድ ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር ስለሆነ፣ 5ን በ3.6 ስታባዛው 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። 9 የ18 ግማሽ ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት። ገጠመ።

ጉዱ ያለው መመለሻው ላይ ነው። ሜትሩን ወደ ኪሎ ሜትር ቀይረሃል፣ ጎሽ። 9 ÷ 10 = 0.9 ሰዓት፤ ይሄም ልክ። ከዚያ ግን «0.9 ሰዓት = 90 ደቂቃ» ብለህ ጻፍክ። እስቲ ቆም ብለህ አስበው፦ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 9 ኪሎ ሜትር ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል? አንድ ሰዓትም አይሞላው። 0.9 × 60 = 54 ደቂቃ ነው። ካልኩሌተሩ 0.9 ብሎ ዝም ይላል፤ ሰዓት በ60 እንደሚቆጠር ምን ያውቃል? እኔ ራሴ ባንተ ዕድሜ 1.5 ሰዓትን «1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ» ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ አውቃለሁ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ጠቅላላው 30 + 6 + 54 = 90 ደቂቃ ነው። ያቺ የተሳሳተችው 90 እዚህ ልክ ሆና ተመልሳ መጣች፤ በአጋጣሚ ነውና እንዳታምታታህ።

አሁን አማካዩ። 18 እና 10 ደምረህ ለ2 አካፈልክ፣ 14 አገኘህ። ይሄ የሚሠራው በሁለቱም ፍጥነት እኩል ጊዜ ቢነዳ ነበር። እዚህ እኩል የሆነው ርቀቱ ነው። በፈጣኑ 30 ደቂቃ፣ በዝግተኛው 54 ደቂቃ ነድቷል፤ ስለዚህ አማካዩ ወደ 10 መሳቡ ግድ ነው። እረፍቱ ደግሞ ጭራሽ ያወርደዋል፤ 14 ላይ ግን እረፍቱ የታለ? ጨርሶ አልገባም።

ትክክለኛው ጠቅላላ ርቀት ለጠቅላላ ጊዜ ነው፦

18 ÷ 1.5 = 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት

9ን ለ1.5 ብታካፍል 6 ይመጣልሃል። ያኔ መመለሻውን ረስተሃል ማለት ነው። ደርሶ መልስ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ አንተ ግን 18 መሆኑን ስላልረሳህ እሱን አልቆጥርብህም።

እንደገና ላጋጨው፦ 12 × 1.5 = 18። ርቀቱ ተመለሰ። ለልቤ እንዲሞላ በደቂቃም ሠራሁት፦ (30 × 18 + 6 × 0 + 54 × 10) ÷ 90 = 1,080 ÷ 90 = 12። 30 × 18 እና 54 × 10 ሁለቱም 540 መሆናቸውን አየህ? የሄደበትና የተመለሰበት መንገድ አንድ ስለሆነ ነው። እኩል ባይመጡ ኖሮ አንዱ ጊዜ ተሳስቷል ማለት ነበር። ባንተ 90 ብትሞክረው 540 እና 900 ይመጣል፤ ስህተቱ ወዲያው ይጋለጣል።

«እረፍቱ ሳይታሰብ» ቢልህ ደግሞ 18ን ለ1.4 ሰዓት አካፍል፤ ወደ 12.86 ገደማ ነው። አሁንም 14 አይደለም።

የጀልባውን ጥያቄ ገና አላየሁትም። መጀመሪያ መልሶችህን አንተው አጋጫቸውና ላክልኝ።