የሐሳብ ካርታ፦ የኢትዮጵያ ወንዞችና ሐይቆች፣ ከላክኸው 14 ፎቶ

ማሙሽ፣ (ዘጠነኛ ክፍል ብትገባም ለእኔ ማሙሽ ነህ) ፎቶዎቹን ትናንት ማታ ጨረስኳቸው። ፎቶ 5 ላይ አውራ ጣትህ የሠንጠረዡን የመጨረሻ ረድፍ ሸፍኖታል፤ ፎቶ 7 ላይ ደግሞ የመጽሐፉ ላስቲክ ልባስ አብርቶ ሁለት መስመር በልቷል። ሁለቱንም ከሌሎቹ ገጾች አሟልቻቸዋለሁ። ፎቶ 13 ግን ምንም አላዋጣኝም፣ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ወረቀቱን አግድም አድርገህ ግንዱን መሃል ላይ ጻፍ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም እኔ በአማርኛ አደረግሁት፤ መጀመሪያ ነገሩ ይግባህ፣ ቃሉን በእንግሊዝኛ ከየቅርንጫፉ ጎን አንተ ትጽፋለህ። የምዕራፉንም ቅደም ተከተል አፍርሼዋለሁ። መጽሐፉ ወንዞቹን እንደ ስም ጥሪ ይደረድራቸዋል፤ እንደዚያ ከያዝካቸው በሳምንቱ ይጠፉብሃል።

ግንድ፦ ተዳፋቱ ወዴት ነው?

(ከመሃል ክብ ሠርተህ ይህችን ጥያቄ ብቻ ጻፍባት። ስምጥ ሸለቆ አገሪቱን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሰንጥቋት ያልፋል። ከስንጥቁ ምዕራብ ያለው ደጋ ወደ ምዕራብ፣ ከስንጥቁ ምሥራቅ ያለው ደጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ስንጥቁ ውስጥ የወረደ ውሃ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። ሦስቱ ዋና ቅርንጫፎች የወጡት ከዚህ ነው።)

ቅርንጫፍ 1፦ የምዕራቡ ተፋሰስ (ፎቶ 2፣ 3፣ 4፤ ወፍራም መስመር ስጥ)

- ስፋቱ፦ ከአገሪቱ ቆዳ 40 ከመቶ ገደማ፤ የሚሸከመው ግን ከዓመታዊው ፍሰት 60 ከመቶ ገደማ ነው
  - ሁለቱን ቁጥሮች አታደባልቃቸው፣ አንዱ መሬት አንዱ ውሃ ነው
- መድረሻው፦ ባሮ፣ ዓባይና ተከዜ ሦስቱም ናይል፣ የሚገቡበት ቦታ ግን ለየቅል ነው
  - ባሮ፦ ከፒቦር ጋር ሆኖ ሶባት ይባላል፣ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ነጭ ዓባይ ይገባል
  - ዓባይ፦ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ይገናኛል
  - ተከዜ፦ ወደ አትባራ ይገባል፣ አትባራ ከካርቱም በስተ ሰሜን
  - ካርታው ላይ ከታች ወደ ላይ ባሮ፣ ዓባይ፣ ተከዜ ብለህ አንብባቸው፤ ናይልም የሚቀበላቸው በዚሁ ተራ ነው
- ዓባይ
  - መነሻ፦ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ፤ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ይገባል
  - ከጣና የሚወጣው ባሕር ዳር ላይ ነው፣ ጥቂት ወርዶ ጢስ ዓባይ
  - መንገዱ፦ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከዚያ ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ምዕራብ
    - እማማ ጎጃምን «ዓባይ የታጠቃት» የሚሉት ይህንን ነው፤ ካርታው ላይ በጣትህ ተከተለው፣ መቀነት ነው የሚመስለው
  - ገባሮች በግራ፦ በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ደዴሳ፣ ዳቡስ
  - ገባሮች በቀኝ፦ በለስ፤ ዲንደርና ራሃድ ከእኛ ይነሡና ዓባይን የሚያገኙት ሱዳን ውስጥ ነው
    - «ግራ» የሚባለው ፊትህን ወንዙ ወደሚፈስበት አዙረህ ስትቆም ነው። ባለፈው ሙከራ ፈተና የተሳሳትከው እዚህ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ላይ በግራ ያለውን ነበር የጻፍከው
  - ህዳሴ ግድብ
    - ቁመት 145 ሜትር፣ የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ
    - የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ምረቃ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
    - ፎቶ 4 «በመገንባት ላይ ያለ» ይላል፤ መጽሐፉ ከምረቃው በፊት የታተመ ነው። ካርታህ ላይ ትክክለኛውን ጻፍ፣ ፈተናው ላይ ምን እንደምትመልስ ግን መምህርህን ጠይቀው
- ተከዜ
  - ጥልቅ ሸለቆ፤ ግድቡ 188 ሜትር
  - ወደ ድንበሩ ሲቃረብ ሰቲት ይባላል
- ባሮ
  - ጋምቤላ ላይ ሜዳ ስለሚያገኝ ረጋ ይላል፣ ስለዚህ ጀልባ ይሄድበታል። ሌሎቹ ለምን ጀልባ አያስኬዱም? መልሱ ቅርንጫፍ 4 ላይ ነው፣ ከዚህ ወደዚያ ቀስት ሳብ

ቅርንጫፍ 2፦ የደቡብ ምሥራቁ ተፋሰስ (ፎቶ 5)

- መነሻ፦ የባሌ፣ የአርሲና የሐረርጌ ደጋ፤ አቅጣጫ፦ ሶማሊያና ሕንድ ውቅያኖስ
- ዋቢ ሸበሌ፦ የሚያካልለው መሬት ይበልጣል፣ ውሃው ግን ያንሳል
  - አብዛኛውን ጊዜ ውቅያኖስ ሳይደርስ ሶማሊያ አሸዋ ውስጥ ይቀራል
  - መልካ ዋከና ግድብ ያለው በዚህ ላይ ነው
- ገናሌ፦ መሬቱ ያንሳል፣ ውሃው ይበልጣል
  - ከዳዋ ጋር ዶሎ አካባቢ ሲገናኝ ጁባ ይሆናል፣ ጁባ ባሕር ይደርሳል

ይኸው ነው። ምዕራፉ ሁለት ገጽ ሰጥቶታል፣ ግማሹ ግን ቅርንጫፍ 1 ላይ ያለውን መድገም ነው።

ቅርንጫፍ 3፦ የስምጥ ሸለቆ ተፋሰስ (ፎቶ 6፣ 7፣ 8)

- የጋራ ጠባይ፦ መውጫ የለውም። ወንዞቹ ሐይቅ ውስጥ ገብተው ያልቃሉ
- አዋሽ
  - መነሻው ከአዲስ አበባ ምዕራብ፣ ጊንጪ አካባቢ፤ መጨረሻው አቤ ሐይቅ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ
  - ገባሮች፦ አቃቂ፣ ሞጆ፣ ከሰም፣ ቀበና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ
    - ይህ ቀበና በአራት ኪሎ ሥር የሚያልፈው አይደለም፤ ያኛው ወደ አቃቂ የሚሄደው ነው። ስማቸው አንድ ስለሆነ መምህራን ይወዷታል
  - ጥቅም ላይ በመዋል ቀዳሚ፦ ቆቃ ግድብ (በ1960 እ.ኤ.አ.)፣ ወንጂና መተሐራ ስኳር፣ ዝቅ ሲል ጥጥ
  - ለምን እሱ? ለዋና ከተማው፣ ለባቡሩና ለመንገዱ ቅርብ ነው፤ የሚያልፈውም በሜዳ ነው። ውሃው ብዙ ስለሆነ አይደለም
- ኦሞ
  - ላይኛው ግቤ ይባላል፤ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ
  - ግልገል ግቤ 3፦ ቁመት 243 ሜትር፣ 1,870 ሜጋዋት
  - ፎቶ 8 ላይ የገጹ እጥፋት በትክክል ኦሞ ላይ ስላረፈ ወንዙ ሁለት ይመስላል። አንድ ነው

ቅርንጫፍ 4፦ የወንዞቻችን የጋራ ጠባይ (ፎቶ 9)

መጽሐፉ ከመጨረሻ ያስቀመጠውን እኔ ከወንዞቹ ጋር አስጠግቼዋለሁ፣ ሁሉም ከግንዱ የሚመዘዝ ነውና።

- ከደጋ ይነሣሉ → ቁልቁለታቸው ብዙ ነው → ፏፏቴና ገደል
  - ስለዚህ ለመብራት ይመቻሉ፣ ለጀልባ አይመቹም
- ድንበር ይሻገራሉ → ከታች ካሉ አገሮች ጋር ንግግር
  - ከትልልቆቹ ውስጥ አዋሽ ብቻ አገር ውስጥ ይቀራል
- ክረምት ይሞላሉ፣ በጋ ይጎድላሉ → ግድብ ካልተሠራ መስኖው በበጋ ውሃ ያጣል
- አፈር ይዘው ይሄዳሉ → ግድቦች በደለል ይሞላሉ

ቅርንጫፍ 5፦ ሐይቆች፣ በአፈጣጠራቸው (ፎቶ 10፣ 11፣ 12)

እዚህ ቆየት በል። መጽሐፉ ሐይቆቹን በስፋት ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጣቸው። እንዴት ተፈጠሩ ብለህ ብትከፍላቸው ግን ጥልቀታቸውም ጨዋማነታቸውም አብሮ ይመጣልሃል።

- መሬት ሲሰምጥ የተፈጠሩ
  - ደንበል (ዝዋይ)፣ ላንጋኖ፣ አብያታ፣ ሻላ፣ ሐዋሳ፣ አባያ፣ ጫሞ
    - ሰፊው አባያ፤ ጥልቁ ሻላ፣ 266 ሜትር። ደንበል ግን ጥልቀቱ አሥር ሜትር እንኳ አይሞላም
  - ጨዋማ ወይስ ጣፋጭ? ውሃ ከገባ በኋላ መውጫ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ
    - ደንበል፦ መቂና ቀታር ይገቡበታል፣ ቡልቡላ ይወጣበታል → ጣፋጭ፣ ዓሣ ያለበት
    - አብያታ፦ ቡልቡላን ይቀበላል፣ አይሰጥም → ሶዳማ
    - ከደንበልና ከቡልቡላ ለመስኖ ውሃ ሲቀዳ የሚጎድለው አብያታ ነው፤ የሶዳ አሽ ፋብሪካም ከራሱ ይቀዳ ነበር። በፎቶ 11 ያሉት ሁለት ሥዕሎች ይህንን ያሳያሉ፦ ነጩ ዳርቻ በረዶ አይደለም፣ ውሃው የሸሸበት ሶዳ ነው
    - ከደንቡ የሚወጣ፦ ሐዋሳ። የሚታይ መውጫ የለውም፣ ግን ጣፋጭ ነው። ቀይ ኮከብ አድርግበት
  - አፍዴራ፦ ከባሕር ወለል በታች፣ ጨው የሚመረትበት
- የእሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተጠራቀሙ
  - የቢሾፍቱዎቹ (ቢሾፍቱ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ)፣ ወንጪ፣ ደንዲ፣ ዘንገና፣ ዝቋላ
  - ምልክት፦ ክብ፣ ትንሽ፣ ዙሪያው ገደል
    - ባለፈው ፋሲካ የሄድንባት ኩሪፍቱ ከነዚህ አይደለችም፤ ሰው የሠራት ናት
- ላቫ መንገድ ሲዘጋ የተፈጠረ፦ ጣና
  - በስፋት ከሁሉም አንደኛ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አይበልጥም፤ ሰፊ ሳህን በለው
  - ገባሮች፦ ግልገል ዓባይ፣ መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራ፤ የተፈጥሮ መውጫ፦ ዓባይ ብቻ
  - እምቦጭ፦ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይስፋፋል፣ ጀልባና መረብ ያግዳል
- ሰው ሠራሽ፦ ቆቃ፣ ፊንጫ፣ መልካ ዋከና፣ ተከዜ፣ ህዳሴ። ከእያንዳንዳቸው ወደ ወንዛቸው ቀስት
- ብቻዋን የቆመች ቀንበጥ፦ ሐሮማያ
  - ለከተማና ለጫት መስኖ ተቀድቶ፣ ደለልም ገብቶበት ደርቆ ነበር፤ በኋላ ውሃው ተመልሷል
  - መጽሐፉ የሚያነሣው መድረቁን ብቻ ነው

ቅርንጫፍ 6፦ የከርሰ ምድር ውሃ (ፎቶ 13፣ 14)

- ምንጭ፣ ጉድጓድ
- ፍል ውሃ፦ ሶደሬ፣ ወንዶ ገነት፣ የአዲስ አበባው ፍል ውሃ
  - አብዛኛው ለምን ስምጥ ሸለቆና ዙሪያው ላይ ሆነ? ከግንዱ ወደዚህ ረጅም ቀስት

ከዚህ በላይ አልሄድኩም። ፎቶ 13 ላይ የሚነበበው ርዕሱና የመጨረሻው መስመር ብቻ ነው፤ እጅህ ተንቀሳቅሷል፣ ቴሌግራሙም ሲልከው አሳንሶታል። ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ መጽሐፉን ጠፍጣፋ አድርገህ ደግመህ አንሣው፣ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክልኝ። ማታ ከሥራ ስገባ ቅርንጫፍ 6ን እጨርስልሃለሁ።